ራስጌው በየሳምንቱ፣ ግርጌው እንዳለ

«ሊንኩን ከታች ዲስክሪፕሽን ላይ አስቀምጥላችኋለሁ» የማይል የአማርኛ ዩቲዩብ ቻናል ማግኘት ይከብዳል። ተመልካቹ አምኖ ወደ ታች ሲወርድ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነው። የተዘጋ የቴሌግራም ግሩፕ፣ ያለፈው ፋሲካ የመልካም ምኞት መልእክት፣ መስመር በመስመር የተደረደረ የሃሽታግ ክምር ያገኛል፤ ስለከፈተው ቪዲዮ ግን አንድም ቃል የለም። ባለቤቱ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። መጀመሪያ ላይ አንድ ደህና መግለጫ ጽፎ ነበር። ከዚያ በየሳምንቱ እሱኑ እየገለበጠ ሲለጥፍ፣ መቀየር ያለበትና መቀየር የሌለበት ተደባለቀበት።

በሳምንት አንድ ቪዲዮ የሚያወጣ ቻናል በዓመት 52 መግለጫ ይጽፋል። ሁሉንም ከባዶ መጻፍ አድካሚ ነው፤ ሁሉንም አንድ ዓይነት ማድረግ ደግሞ ለተመልካቹም ለፍለጋውም አይጠቅምም። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች መግለጫውን ለሁለት ይከፍሉታል። ላይኛው ክፍል፣ ራስጌው፣ ለዚያ ሳምንት ቪዲዮ ብቻ ተጽፎ በየሳምንቱ ይቀየራል። ታችኛው ክፍል፣ ግርጌው፣ አንድ ጊዜ ተጽፎ በሁሉም ቪዲዮ ሥር ፊደል ሳይቀየርበት ይቀመጣል። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል። ችግር የሚመጣው ምን የት ይግባ በሚለውና ከዓመት በኋላ አንድ ነገር ሲለወጥ ነው።

የምናየውን በምሳሌ ለመያዝ አንድ ቻናል እናስብ። ባለቤቱ መካኒክ ነው። ዘወትር ቅዳሜ አንድ የመኪና ችግር ይዞ ይቀርባል፤ አንድ ሳምንት ስለ ፍሬን፣ ሌላ ሳምንት ስለ ባትሪ ያወራል። የዚህ ሳምንት ርዕሱ ቶዮታ ቪትዝ ለምን ትሞቃለች የሚል ነው።

ግርጌውን አስቀድሞ መጻፍ

ብዙ ሰው ከላይ ይጀምራል። እኔ ከታች መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ፤ ግርጌው ምን እንደሚይዝ ካልታወቀ ራስጌው ውስጥ ምን መግባት እንዳለበት አይለይም።

አንድ መስመር ግርጌ ውስጥ እንዲገባ ሁለት ጥያቄዎችን ማለፍ አለበት። የመጀመሪያው፣ ይህ መስመር ስለ ሁሉም ቪዲዮ እውነት ነው ወይ? ሁለተኛው፣ አንድ ሰው ይህን ቪዲዮ ከሁለት ዓመት በኋላ ቢያየው መስመሩ ያኔም እውነት ይሆናል ወይ? የመኪና ጥገና ቪዲዮ በወጣበት ሳምንት ታይቶ አያበቃም። መኪናው የሞቀበት ሰው በፍለጋ የሚደርስበት ከወራትና ከዓመታት በኋላ ነው።

በዚህ ሚዛን ብዙ ነገር ይወድቃል። የበዓል መልካም ምኞት ይወድቃል። «በዚህ ወር ብቻ» የሚል ቅናሽም እንዲሁ። ለታመመ ሰው የተከፈተ የእርዳታ ሒሳብ ቁጥር ለዚያ ሳምንት ራስጌ እንጂ ለግርጌ አይሆንም፤ ዘመቻው ካለቀ በኋላም በ40 ቪዲዮ ሥር ቁጥሩ ቆሞ ሰው ገንዘብ ሊልክበት ይችላል። «ሰብስክራይብ አድርጉን» የሚለው መስመር እውነትነቱ አያልፍም፤ ነገር ግን ቁልፉ ከመግለጫው ጎን ስለሚታይ ቦታ ከመያዝ ሌላ ጥቅም የለውም።

የቴሌግራም ሊንክ በሁለት ዓይነት ይመጣል። አንዱ `t.me/+` ብሎ የሚጀምርና በዘፈቀደ ፊደላት የሚቀጥለው የግብዣ ሊንክ ነው፤ አስተዳዳሪው ሊሰርዘው ይችላል፣ ጊዜ ገደብም ሊደረግበት ይችላል። ሌላው ቻናሉ ይፋዊ ስም ካወጣ በኋላ የሚያገኘው፣ `t.me/` ብሎ ስሙን የሚያስከትለው ነው። ስሙ እስካልተቀየረ ድረስ ይኖራል። ግርጌ ውስጥ መግባት ያለበት ሁለተኛው ነው። ለዩቲዩብ ፕሌይሊስትም ያው ነው። የአንድን ፕሌይሊስት ሊንክ ከማስቀመጥ ይልቅ ሁሉም ፕሌይሊስቶች የሚታዩበትን የቻናሉን ገጽ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ነገ አንዱ ቢሰረዝ ወይም ሌላ ቢጨመር ገጹ ራሱን ያድሳል፣ ግርጌው አይነካም። ሊንኮች ሁሉ `https://` ብለው ቢጀምሩ ዩቲዩብ ሊንክነታቸውን ለመለየት አይቸገርም።

የሰዓት መስመር ለእኛ ልዩ ችግር አለው። «ዘወትር ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት» ለአዲስ አበባ ሰው ግልጽ ነው። ዋሽንግተን ላለው ዘመድ ግን ያ ሰዓት በበጋቸው ከቀትር በኋላ አንድ ፒ ኤም፣ በክረምታቸው ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ይውላል፤ አሜሪካኖች በማርችና በኖቬምበር ሰዓታቸውን ስለሚያዞሩ። የእነሱን ሰዓት ግርጌ ውስጥ የጻፈ ሰው መስመሩ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሳሳትበታል። ስለዚህ የማይቀየረውን፣ የኢትዮጵያን ሰዓት ብቻ ጽፎ፣ የኢትዮጵያ መሆኑን መጥቀስ ይበቃል።

አጻጻፉ ላይም ወጥመድ አለ። «2:00 ሰዓት» ብሎ በሁለት ነጥብ ከተጻፈ ዩቲዩብ የቪዲዮው ሁለተኛ ደቂቃ መስሎት ወደ ሰማያዊ ሊንክ ይለውጠዋል። ተመልካቹ ሲነካው ቪዲዮው ወደ ሁለተኛው ደቂቃ ይዘላል። ከዚያ የሚብሰው፣ ቪዲዮውን በምዕራፍ ለመክፈል ደቂቃዎቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደር ስላለባቸው፣ ከ12:10 በኋላ ከታች ብቅ ያለ 2:00 ምዕራፎቹን ሊያፈርስ ይችላል። «2 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

የመካኒካችን ግርጌ እንግዲህ ይህን ይመስላል፦

```
━━━━━━━━━━
በየሳምንቱ አንድ የመኪና ችግር፦ ባለቤቱ ራሱ ሊያየው የሚችለውንና ጋራዥ የሚያስኬደውን ለይተን እናሳያለን።
አዲስ ቪዲዮ፦ ዘወትር ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ
ሁሉም ክፍሎች፦ https://www.youtube.com/@CHANNEL/playlists
ቴሌግራም፦ https://t.me/CHANNEL
ማሳሰቢያ፦ ቪዲዮው ለጠቅላላ ዕውቀት ነው፤ መኪናውን ያየ መካኒክን ምክር አይተካም።
ግርጌ-01
```

አጭር ነው። አጭር መሆኑም ጥቅም አለው፤ ግርጌ ውስጥ የገባ እያንዳንዱ መስመር በዓመቱ መጨረሻ 52 ቦታ ላይ የቆመ መስመር ነው፣ አንዱ ሲበላሽ 52ቱም ይበላሻሉ። ከላይ ያለችው ሰረዝና ከታች «ግርጌ-01» የምትለው ምልክት ጌጥ አይደሉም። ሥራቸው ኋላ ይመጣል።

ተመልካች የሚያየው ጥቂት መስመር

መግለጫ ተዘግቶ ሲታይ የሚወጣው የመጀመሪያው ጥቂት መስመር ብቻ ነው። የቀረው `...more` ከሚለው በኋላ ተደብቋል፣ አብዛኛው ሰውም አይከፍተውም። በፍለጋ ውጤት ላይ ከርዕሱ ሥር ቁራጭ ጽሑፍ ሲታይም ዕድሉ የዚሁ የመግለጫው መጀመሪያ ነው። ዩቲዩብ ራሱ ለቻናል ባለቤቶች በሚሰጠው ምክር ዋና ቃላት ወደ መጀመሪያው እንዲቀርቡ፣ መግለጫውም ለእያንዳንዱ ቪዲዮ የራሱ እንዲሆን ይመክራል።

ወግ አክባሪነታችን እዚህ ላይ ያስከፍለናል። «ሰላም ውድ የቻናላችን ቤተሰቦች እንዴት ሰነበታችሁ፣ ዛሬም እንደተለመደው አንድ ጠቃሚ መረጃ ይዘን ቀርበናል» የሚለው ሰላምታ ቪዲዮው ውስጥ ሲባል ያምራል። መግለጫው ላይ ሲጻፍ ግን ያችን የምትታይ ቦታ በሙሉ ይበላል፣ መኪናው ለሞቀበት ሰው አንዳች አይነግረውም። ደግሞም በየሳምንቱ ያው ነው፤ በየሳምንቱ ያው የሆነ ነገር ቦታው ግርጌ ነው።

የራስጌው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ተመልካቹ ችግሩን ለጓደኛው ሲናገር በሚጠቀምበት ቃል ቢጻፍ ጥሩ ነው። «የሞተር ሙቀት አስተዳደር ሥርዓት ብልሽት» ብሎ የሚፈልግ ሹፌር የለም፤ «መኪናዬ ትሞቃለች» ነው የሚለው። የመኪናውን ስም በግዕዝ ፊደልም በላቲንም አንድ አንድ ጊዜ መጥቀስ ይጠቅማል፤ ስልኩ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ የሌለው ወይም መቀያየሩ የሚሰለቸው ሰው ብዙ ስለሆነ። አንድ አንድ ጊዜ ማለቴን ልብ ይበሉ። ሃያ ቃል በነጠላ ሰረዝ ደርድሮ ራስጌው ወይም ግርጌው ላይ መክመር ዩቲዩብ በአይፈለጌ ይዘት ደንቡ የሚከለክለው ድርጊት ነው፤ በሁሉም ቪዲዮ ሥር የተለጠፈ ክምር ደግሞ ጥፋቱን በየሳምንቱ ማባዛት ነው።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ቪዲዮውን ያየ ሰው ምን ለይቶ እንደሚወጣ ይናገራል። ከዚያ ምዕራፎቹ ይመጣሉ። ምዕራፍ እንዲሠራ የመጀመሪያው ደቂቃ የግድ `00:00` መሆን አለበት፤ ቢያንስ ሦስት ደቂቃዎች ያስፈልጋሉ፣ በቅደም ተከተል መሆን አለባቸው፣ እያንዳንዱም ምዕራፍ ከ10 ሰከንድ ማነስ የለበትም። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ደቂቃዎቹ ሊንክ ሆነው ይታያሉ እንጂ የቪዲዮው መስመር ወደ ምዕራፎች አይከፋፈልም። ምዕራፎቹ እየሠሩ አለመሆናቸው የሚታወቀውም በዚሁ ነው።

የመካኒካችን የዚህ ሳምንት ራስጌ ተሞልቶ ይኸው፦

```
ቪትዝ Vitz መኪናዎ ቆማ ስትሠራ ወይም ዳገት ስትወጣ ትሞቃለች?
ጥፋቱ የውሃ ማነስ፣ የፋን ወይስ የቴርሞስታት መሆኑን ራስዎ ይለዩ። ሞተሩ ትኩስ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን አይክፈቱ።

00:00 ቆማ ስትሞቅና እየሄደች ስትሞቅ
01:40 የራዲያተር ውሃ፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ
04:55 ፋኑ ይዞራል?
08:20 ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቢቀር
12:10 ወዲያው ጋራዥ የሚያስኬዱ ምልክቶች

#ቪትዝ #የመኪና_ሙቀት
```

የክዳኑ ማስጠንቀቂያ ለምን ግርጌ ውስጥ እንዳልገባ ልብ ይሏል። ለዚህ ቪዲዮ ሕይወት የሚያድን ቃል ነው፤ ስለ መጥረጊያ ላስቲክ ለሚያወራው ቪዲዮ ግን ትርጉም የለውም። ጠቅላላው ማሳሰቢያ ከታች፣ የዚህ ሳምንት አደጋ ከላይ ይቀመጣል። ምዕራፎቹም ርዕስ ብቻ አይደሉም። ቆማ ስትሞቅ ፋኑ፣ እየሄደችም ስትሞቅ ውሃው ወይም ቴርሞስታቱ እንደሚጠረጠር የሚያውቅ ሰው የሚፈልገውን ደቂቃ ከዝርዝሩ ላይ ያገኛል፣ ቪዲዮውን በሙሉ ማየት አይጠበቅበትም።

ሃሽታጎቹ ሁለት ብቻ ናቸው። ዩቲዩብ ከመግለጫ ውስጥ እስከ ሦስት ሃሽታግ አውጥቶ ከርዕሱ አጠገብ ያሳያል፤ ከ60 በላይ ከሆኑ ደግሞ አንዱንም አይቆጥርም። ሃሽታግ ውስጥ ክፍት ቦታ ስለማይፈቀድ ሁለት ቃል የሚሆነው በታችኛው ሰረዝ ይያያዛል። ግርጌ ውስጥ ሃሽታግ አለማስገባት ይሻላል እላለሁ፤ ከገባ የፍሬኑም የባትሪውም ቪዲዮ ርዕስ አጠገብ ያው ሦስት ቃል ሊወጣ ነው።

ራስጌ እንጂ ግርጌ ውስጥ መግባት የሌለባቸው ሁለት ነገሮች ይቀራሉ፤ ሰው የሚሳሳተውም በእነሱ ነው። አንዱ የሙዚቃ ምስጋና ነው። ከዩቲዩብ የድምፅ ቤተ መጻሕፍት ከሚወሰዱ ዜማዎች አንዳንዶቹ የአቀናባሪው ስም መግለጫው ላይ እንዲጠቀስ ያስገድዳሉ፤ የሚለጠፈውን ጽሑፍም እዚያው ያቀርባሉ። ያ ጽሑፍ የዚያ ዜማ ነው። ግርጌ ውስጥ ከገባ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ዜማ ያለበት ቪዲዮ ሥር የሌላ ሰው ስም ይቆማል፣ ትክክለኛው ባለመብት ደግሞ ሳይጠቀስ ይቀራል።

ሌላው ማስታወቂያ ነው። መካኒካችን ዘይት አስመጪ ከፍሎት ዘይቱን ካሳየ ይህን መናገር ያለበት በዚያ ሳምንት ራስጌ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። «አንዳንድ ቪዲዮዎች ስፖንሰር ሊኖራቸው ይችላል» የሚል ጠቅላላ ቃል ግርጌ ላይ ማኖር ለተመልካቹ ምንም አይነግረውም። አሜሪካ ሆነው ቻናል የሚያካሂዱ ወገኖች ደግሞ ጉዳዩ ሕግም አለበት። የአገሪቱ የንግድ ኮሚሽን፣ ኤፍ ቲ ሲ፣ በ2019 ለማኅበራዊ ሚዲያ አስተዋዋቂዎች ባወጣው መመሪያ፣ ተመልካቹ `more` ን ነክቶ ካልከፈተ የማያየው ቦታ ላይ ማስታወቂያነትን መግለጽ እንደማይበቃ ጽፏል። ለቪዲዮ ደግሞ መግለጫው ላይ ብቻ ሳይሆን ቪዲዮው ውስጥም እንዲነገር ይመክራል። ግርጌ በተፈጥሮው ከ`more` በታች ነው።

ባዶ ቦታው ሳይሞላ እንዳይወጣ

ቅጹ ተዘጋጅቷል እንበል። አሁን በየሳምንቱ እንዴት ይሞላል? ግርጌው በዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ቦታ አለው። ከኮምፒውተር `Settings` ተከፍቶ፣ `Upload defaults` ውስጥ `Basic info` በሚለው ሥር የመግለጫ ሳጥን አለ። ግርጌው እዚያ ተለጥፎ ከተቀመጠ ከዚያ በኋላ አዲስ ቪዲዮ ሲጫን ሳጥኑ ውስጥ ተጽፎ ይጠብቃል። ሰውየው ጠቋሚውን አናቱ ላይ አድርጎ የሳምንቱን ራስጌ ይለጥፋል። ግርጌው በእጅ ስላልተጻፈ ፊደል አይሳሳትም።

ይህ ግን በኮምፒውተር ብራውዘር ለሚጭን ሰው ነው። ከስልክ ሲጫን ቀድሞ የተቀመጠው ነገር አይመጣም፤ ብዙዎቻችን ደግሞ ከስልክ ነው የምንጭነው። ለዚህ ሰው ግርጌውን ቴሌግራም ላይ ራሱ ለራሱ በሚልክበት ሳጥን ውስጥ ማኖርና ከዚያ መቅዳት ይበቃዋል። የሚሻለው ግን ቪዲዮውን ከስልክ ጭኖ በግል ማቆየት፣ መግለጫውን ኮምፒውተር ሲያገኝ አስተካክሎ ይፋ ማድረግ ነው።

`Reuse details` የሚል ሌላ ቁልፍም አለ፤ ቪዲዮ ሲጫን ያለፈውን ቪዲዮ መረጃ ይገለብጣል። ፈጣን ነው፣ በዚያው ልክ አደገኛ ነው። ያለፈው ሳምንት ራስጌ፣ ምዕራፎቹ፣ የዜማው ምስጋና ሁሉ አብሮ ይመጣል። ስለ ባትሪ በሚያወራ ቪዲዮ ሥር «ፋኑ ይዞራል?» የሚል ምዕራፍ ያየ ተመልካች ካለ ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። ግርጌውን ብቻ ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያው መንገድ ይሻለዋል።

ባዶው የራስጌ ቅጽ ስቱዲዮ ውስጥ ሳይሆን ተራ የጽሑፍ ፋይል ላይ ይቀመጥ። በየቦታው የሚሞላውን በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ማድረግ ደግሞ አንድ ጥሩ ዘዴ ነው፦

```
<ማስታወቂያ ከሆነ እዚህ ይነገር፤ ካልሆነ መስመሩ ይጥፋ>
<ችግሩ በሹፌር ቃል፣ ከመኪናው ስም ጋር>
<ተለይቶ የሚታወቀው ነገር> <የዚህ ሳምንት አደጋ>

00:00 <ምዕራፍ>
<ደቂቃ> <ምዕራፍ>
<ደቂቃ> <ምዕራፍ>

<የዜማ ምስጋና>
#<መኪና> #<ችግር>
```

ዘዴው ያለው ቅንፉ ላይ ነው። ዩቲዩብ መግለጫ ውስጥ `<` እና `>` አይቀበልም። አንዲት ቅንፍ እንኳ ሳትሞላ ወይም ሳትጠፋ ከቀረች ስቱዲዮው ስህተት አለ ብሎ አያስቀምጥም። በካሬ ቅንፍ ወይም በነጠብጣብ የተሠራ ቅጽ እንዲህ ያለ ዘበኛ የለውም፤ «[ርዕስ እዚህ ይግባ]» የሚል መግለጫ ይዘው ለዓመታት የቆሙ ቪዲዮዎች የሚፈጠሩት እንዲያ ነው።

ስለ ርዝመት አንድ ነገር ማወቅ ይገባል። ስቱዲዮ ላይ የመግለጫ ጣሪያ 5,000 ፊደል ነው፣ ከላይ ያየነው ቅጽ ከዚያ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ማንም አያሳስበውም። ነገር ግን ቪዲዮ ቀጠሮ እያስያዙ የሚጭኑ የሌሎች ኩባንያዎች ፕሮግራሞች ዩቲዩብ ጋር የሚነጋገሩት በሌላ በር ነው፤ በዚያ በር በኩል ጣሪያው በሰነዱ የተጻፈው 5,000 ባይት ተብሎ ነው። አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ይይዛል። ስለዚህ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ጣሪያው ወደ 1,660 ፊደል ይወርዳል። ረጅም ግርጌ፣ የምግብ አዘገጃጀት ወይም የመጽሐፍ ዝርዝር የሚያስቀምጥ ቻናል በእንዲህ ያለ ፕሮግራም ሲጭን «መግለጫው ረዝሟል» ተብሎ ግራ ቢጋባ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል።

ከዓመት በኋላ ቴሌግራሙ ሲቀየር

መካኒካችን ከ60 ቪዲዮ በኋላ የቴሌግራሙን ስም ቀየረ እንበል። `Upload defaults` ውስጥ ያለውን ግርጌ ማረም ለሚመጡት ቪዲዮዎች ብቻ ይሠራል፤ የወጡትን 60 አይነካም። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ተመልካች «ሊንኩ አይከፍትም» ብሎ ሲጽፍለት ነው።

የወጡትን ለማረም ስቱዲዮው የጅምላ ማስተካከያ አለው። `Content` ገጽ ላይ ቪዲዮዎቹ ይመረጣሉ፣ `Edit` ከሚለው ውስጥ መግለጫ ይመረጣል፣ ከዚያ አንድን ጽሑፍ ፈልጎ በሌላ የመተካት ምርጫ ይመጣል። አሮጌው ሊንክ በአንዱ ሳጥን፣ አዲሱ በሌላው ይጻፋል። ሌላም ምርጫ አለ፣ መግለጫውን በሙሉ በአዲስ የሚተካ፤ እሱ ከተነካ 60ው ራስጌ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። የጅምላ ለውጥ ደግሞ ወደ ኋላ መመለሻ የለውም። አንድ ብዙ የማይታይ አሮጌ ቪዲዮ ብቻ መርጦ መሞከር፣ ውጤቱን ከፍቶ ማየት፣ ከዚያ ሌሎቹን መከተል ያዋጣል።

ፈልጎ መተካት የሚሠራው ጽሑፉ ፊደል በፊደል አንድ ከሆነ ነው። የግርጌው አለመነካት ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ግርጌውን አንድ ሳምንት ረዳቱ በእጁ ጽፎት ከሆነ፣ «ቴሌግራም፦» የሚለውን «ቴሌግራም፡» አድርጎት፣ «ጠቅላላ ዕውቀት»ን «ጠቅላላ እውቀት» ብሎት ሊሆን ይችላል። ለዓይን ልዩነቱ አይታይም፤ ለማሽኑ ግን ሌላ ጽሑፍ ነው። በአማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ እየተቀያየሩ ስለሚጻፉ ይህ አደጋ በሌላ ፊደል ከሚጽፉት ይልቅ ለእኛ ይከፋል። ስለዚህ ሲተካ አጭሩንና ለስህተት የማይመቸውን ክፍል፣ ሊንኩን ራሱን ብቻ፣ መፈለግ ይሻላል።

«ግርጌ-01» የምትለው ምልክት አሁን ሥራዋን ትጀምራለች። ሊንኩ ከተተካ በኋላ በሌላ ዙር «ግርጌ-01» በ«ግርጌ-02» ይተካል። ከዚያ በ`Content` ገጽ ላይ ባለው ማጣሪያ መግለጫቸው ውስጥ «ግርጌ-02» ያለባቸው ቪዲዮዎች ብቻ እንዲታዩ ይደረጋል። 57 ከወጡ፣ ቻናሉ ደግሞ 60 ቪዲዮ ካለው፣ ሦስቱ ምልክቷን ጨርሶ የላቸውም ወይም አሮጌዋን ይዘው ቀርተዋል። «ግርጌ-01» ብሎ ሲጣራ አንድ ቢወጣ እሱ ያመለጠው ነው። ሁለቱ ደግሞ ከስልክ የተጫኑ፣ ግርጌ ኖሯቸው የማያውቁ ይሆናሉ። ያለ ምልክቷ ይህን ለማወቅ 60ውንም እየከፈቱ ማንበብ ነበር። ሰረዟም እንዲሁ ናት፤ ራስጌው የት እንዳበቃ፣ ግርጌው ከየት እንደጀመረ ለሚያርመው ሰው ታሳያለች፣ ተመልካቹም ከእሷ በታች ያለውን መዝለል እንደሚችል ይገባዋል።

ሳምንታዊውን ቪዲዮ ቆራርጠው ሾርትስ ለሚያወጡ ደግሞ አንድ ማስታወሻ። ከኮምፒውተር ሲጫን ግርጌው ለሾርትስም ይመጣል፤ ነገር ግን ከኦገስት 31 ቀን 2023 ጀምሮ በሾርትስ መግለጫ ውስጥ ያሉ ሊንኮች አይከፈቱም። የቆሙት ለመታየት ብቻ ነው። ለሾርትስ ግርጌውን ከሰረዟ ጀምሮ ማጥፋት፣ በምትኩ የቪዲዮው ዝርዝር ማስተካከያ ላይ `Related video` በሚለው ሥር ሙሉውን የቅዳሜ ቪዲዮ መምረጥ ነው። ያኔ ሾርትሱ ላይ ወደ ሙሉው የሚወስድ፣ ሲነኩት የሚከፈት ሊንክ ይወጣል። ሾርትሶች «ግርጌ-02» ስለማይኖራቸው ከላይ ያለውን ቆጠራ ያዛባሉ፤ 60 ብሎ የሚቆጥር ሰው ረጅሞቹን ብቻ ለይቶ ይቁጠር።